በሰኔ የጨመረው ግማሽ ኪሎ

የዚያ ዓመት የሰኔ መዝገብ እጄ የገባው በፌስታል ተጠቅልሎ ነው፤ ያም ሆኖ ጠርዙ በስብሷል። ያመጣችው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ከአስፋልቱ እስከ ቀበሌዋ በበጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ በክረምት ወንዙ እንደፈቀደ ነው። ጭቃ የጠጣ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ በባዶ እግሯ ገባችና መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«እትዬ፣ አንድ ባዶ ቦታ ካገኙበት ወንዙን መልሰው ያሻግሩኝ» አለችኝ።

ባዶ ቦታ አልነበረውም። የእሷ መዝገብ ኖሮት አያውቅም። ከየቀበሌው ሠራተኞች ሁሉ እሷን የምወዳት ለዚህ ነው፤ ሰባትን እንደ አንድ አትጽፍም፣ ነጥብ አትዘልም፣ የልደት ቀን ሲጠፋባት «በግምት» ብላ ትጽፋለች እንጂ ከራሷ አትፈጥርም።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ዘግይቼ ነው። ከተዳርኩበት ቤት ወጥቼ ፍኖተ ሰላም አክስቴ ዘንድ ስጠጋ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አንደኛ ክፍል ከጎኔ የተቀመጡት ልጆች የጥርስ ለውጥ ላይ ነበሩ። ፊደል የቆጠርኩት ጣቴን ከመስመሩ ላይ ሳላነሣ ነው፤ ጣቴን ካነሣሁ የሚጠፋብኝ ይመስለኝ ነበር። ያ ልማድ ትልቅ ሰው ሆኜም አልለቀቀኝም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ፣ በጤና ቢሮ መረጃ ያዥ ሆኜ ስቀጠር አለቃችን ስሜን ትቶ «መነኩሲት» ይለኝ ጀመር። ከማውራት ማንበብ ስለምወድ ነው፤ ደግሞም አንድ ቁጥር ካላማረኝ ሪፖርቱን ስለማልፈርም።

ሥራዬ ከየቀበሌው የሚመጣውን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የክብደት መዝገብ ወደ አንድ ሰንጠረዥ መገልበጥ ነው። ጾታ፣ የልደት ቀን፣ በተመዘነበት ቀን የሞላው ወር፣ ክብደት በኪሎ ከነነጥቡ፣ ከዚያ ፐርሰንታይል፣ በመጨረሻ ምደባ። ፐርሰንታይሉን የማወጣው ግድግዳው ላይ ከለጠፍኳቸው ሁለት ወረቀቶች ነው፤ አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት። አንዲት ልጅ አሥራ አምስተኛው ላይ ናት ማለት፣ በእድሜዋ ካሉ መቶ ጤነኛ ሴት ልጆች ከእሷ የሚቀሉት አሥራ አምስት ያህል ብቻ ናቸው ማለት ነው። ወረቀቱ ግን ሦስተኛው ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለ ሁሉ «ከ3 በታች» ተብሎ አንድ ላይ ይታጨቃል፤ ጥቂት የቀለለውም፣ ሊያልፍ የደረሰውም። እነዚያን የሚለያቸው የመጨረሻው ዓምድ ነው። ከመካከለኛው ክብደት ሁለት እርከን የወረደ «ዝቅተኛ»፣ ሦስት እርከን የወረደ «በጣም ዝቅተኛ» ይባላል። «ዝቅተኛ» የተባለች ልጅ እናት ምክር ትሰማለች። «በጣም ዝቅተኛ» የተባለች ወደ ጤና ጣቢያ ትላካለች፣ እዚያ ክንዷ ይለካል፤ ባለቀለሙ የክንድ መለኪያ ቀዩ ላይ ካረፈ በየሳምንቱ የሚታደል የታሸገ የለውዝ ምግብ ይሰጣታል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ይኸው ነው።

የሰኔን ቁጥር ከሚያዝያና ከግንቦት ጎን እየጻፍኩ ስወርድ ጣቴ ቆመ። ልጆቹ ጨምረዋል። አንዱ አራት መቶ ግራም፣ አንዱ ስድስት መቶ፣ አንዱ ግማሽ ኪሎ። ሚያዝያና ግንቦት እንደ ቆመ ውኃ ነበሩ፤ በሰኔ ሁሉም ባንድ ላይ ብድግ ብለዋል።

የገበሬ ልጅ ነኝ። በሰኔ ጎተራ እንዴት እንደሚጮህ አውቃለሁ፤ ከግድግዳው የሚፋቀው ምርጊት ከእህሉ ይበዛል። ያለው እህል ለዘር ወርዷል፣ እናት እርሻ ላይ ናት፣ ልጅ ከታላቁ ጋር ቤት ይውላል። በእኛ አገር ልጅ የሚወፍረው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በሰኔ ግማሽ ኪሎ የሚጨምር ልጅ አላየሁም።

ኤክስቴንሽኗ ገና አልሄደችም፤ ጫማዋን በእንጨት እየፋቀች ነበር። ጠራኋትና መስመሩን አሳየኋት።

«ሚዛኑን ዜሮ ታደርጊዋለሽ?»

«ልጁ የሚገባበትን መያዣ ሱሪ ሰቅዬ፣ መርፌውን ዜሮ አድርጌ ነው ልጁን የምጨምር። በእያንዳንዱ ልጅ፣ እትዬ። እንዳስተማሩን።»

«ልጁስ ምን ለብሷል?»

እንጨቷን አስቀመጠች።

«በበጋ እንደ ምንም ያወልቁልኛል» አለች። «በክረምት ማን ያወልቃል? ሚዛኑ የተሰቀለ ከጤና ኬላዋ በረንዳ ላይ ነው። ዝናቡ ይገርፋል። ደግሞ ሰው ሁሉ ተኮልኩሎ ያያል። እናቶቹ ‘የልጄን ጎድን ለሰው ዓይን አላሰጣም’ ይላሉ። ያንን ልባሽ ሹራብ ከነጠቀለሉበት ጨርቅ ነው የማንጠለጥለው። እምቢ ካልኩ በሚቀጥለው ወር አይመጡም፤ ካልመጡ ደግሞ እናንተ ‘ሽፋንሽ ወረደ’ ትሉኛላችሁ።»

ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። በየግምገማው የሚነበበው ስንት ልጅ እንደተመዘነ ነው። ምን ለብሶ እንደተመዘነ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የሹራቡን ክብደት ቀንሼ ልጽፍ አሰብኩ። ግን ስንት ልቀንስ? ደረቅ ሹራብና ዝናብ የጠጣ ሹራብ አንድ አይደሉም፤ አንዷ ልጇን በነጠላ ታመጣለች፣ አንዷ በብርድ ልብስ ቁራጭ። አንድ ቁጥር ከሁሉም ላይ ብቀንስ እኔም ቁጥር ፈጣሪ ሆንኩ።

ከሁሉም አንዲት መስመር አሳሰበችኝ። ሴት ልጅ፤ የካቲት ኪዳነ ምሕረት የተወለደች፣ ስለዚህ እድሜዋ የማያጠራጥር። በሚያዝያ አሥራ አራት ወሯ፣ ሰባት ነጥብ አንድ። በግንቦት እዚያው ሰባት ነጥብ አንድ። በሰኔ አሥራ ስድስት ወሯ፣ ሰባት ነጥብ ስድስት። ፐርሰንታይሏ በሦስቱም ወር «ከ3 በታች»፣ ምደባዋ በሦስቱም «ዝቅተኛ»። በአሥራ ስድስት ወር ወደ «በጣም ዝቅተኛ» የሚያወርደው መስመር ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ነው። ከሰባት ነጥብ ስድስት ላይ አንድ እርጥብ ሹራብ ቢነሣ የት ትወድቃለች? ካርዷ ላይ ግን መስመሯ ሽቅብ ነው። መስመሩ ሽቅብ የሆነ ልጅ ቤት ማንም አይሄድም።

አለቃችን ዘንድ ገባሁ። ሐምሌ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ የዓመቱ መዝጊያ ሪፖርት ዞን የሚጠበቅበት ጊዜ።

«መነኩሲት፣ ጨረስሽ?»

«የአንዱ ቀበሌ የሰኔ ክብደት ልክ አይደለም። ከነልብሳቸው ነው የተመዘኑት። የሌሎቹም እንደዚያው ይመስለኛል። እንደገና ይመዘኑ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስድስት ልጅ ያሳድጋል፣ ሰው ሲሞት ቀድሞ ድንኳን የሚደርስ እሱ ነው።

«የተመዘነው ስንት ነው? ሰባት ነጥብ ስድስት። የምንልከውም ሰባት ነጥብ ስድስት ነው። አንቺ በሐሳብሽ ልብስ ብታወልቂ ቁጥሩ ይበርደዋል እንጂ አይለወጥም።»

«እንግዲያው ከሥር ማስታወሻ ልጻፍ። ‘ልብስ ሳይወልቅ የተመዘነ’ ብዬ።»

«ቅጹ ላይ የማስታወሻ ቦታ አለ?»

«የለም።»

«በይ እንግዲህ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህ እኮ የእህል አገር ነው፣ እህቴ። በቆሎው በአይሱዙ እየተጫነ ይወጣል። እኛ ‘ልጆቻችን ከሱ’ ብለን ብንጽፍ ማን ያምነናል? የት ሄደ ይሉናል፣ እኛን ይጠይቁናል።»

ማስታወሻውን ጻፍኩት፣ በእርሳስ። ሪፖርቱን የምትተይበው ልጅ ቅጹ ላይ ቦታ አጣችለትና ተወችው። ሪፖርቱ ሄደ። ፈረምኩበት። ይህን የምጽፈው ራሴን ልወቅስ ብዬ አይደለም፤ ፊርማዬ እዚያ ስላለ ነው።

የሐምሌው መመዘኛ ቀን በገብርኤል ማግስት ነበር። አለቃችን «ሂጂ፣ ግን መኪና የለም» አለኝ። በባጃጅ እስከ አስፋልቱ መታጠፊያ፣ ከዚያ በእግሬ። ወንዙ ጉልበቴን አልፎ ወገቤ ደርሶ ነበር፤ አንድ ገበሬ በዱላው እየለካ አሻገረኝ፤ ማዶ ሲያደርሰኝ፣ «ለሕፃን መመዘን ይህን ሁሉ መጣሽ? እኛ እንኳ ከብቱን በዓይናችን ነው የምንገምት» አለኝ።

ኤክስቴንሽኗ አስቀድሜ በስልክ የነገርኳትን አድርጋ ጠበቀችኝ። ሚዛኑን ከበረንዳው አንሥታ ከውስጠኛው ክፍል ምሰሶ ላይ ሰቅላዋለች፣ በሩ ላይ የራሷን አንሶላ እንደ መጋረጃ ጋርዳለች፣ ጥግ ላይ ከሰል አያይዛለች። እናቶች አንድ በአንድ ይገቡ ጀመር። ሌላ የሚያይ ሰው ስለሌለ አወለቁ። መጀመሪያ ከነልብስ መዘንን፣ ቀጥሎ ያለ ልብስ፣ ሁለቱንም ጻፍን። የአንዱ ልዩነት አራት መቶ ግራም፣ የአንዱ ዘጠኝ መቶ። ወደ እኩለ ቀን ኤክስቴንሽኗ መጻፉን ትታ መዝገቡን ታየው ነበር።

«በየክረምቱ ምን ስመዝን ኖርኩ?» አለችኝ።

የሚቀጥለውን ልጅ ስም ጠራሁ።

ያቺን ልጅ አያቷ ነበሩ ይዘዋት የመጡ። እናትየው አረም ላይ ናት። አያቲቱ አንሶላውን ገልጠው ገቡና ሁለታችንን መርምረው አዩን።

«እስቲ ልቀመጥ። ይች ምናችሁ ናት?»

«ከጤና ቢሮ ናት፣ እማማ። ልታየን መጥታ ነው» አለች ኤክስቴንሽኗ።

«እኛንማ ስታየን ሰነበተች በወረቀቱ» አሉ። ከዚያ ለእኔ፦ «ልጄ፣ ይህችን ልጅ አውልቁ ካላችሁኝ አወልቃለሁ፤ ክታቧን ግን አልፈታም። አንቺም ዓይንሽን ሰበር አርጊ።»

«ክታቡ ይሁን፣ እማማ።»

ከነልብሷ ሰባት ነጥብ አምስት ሆነች። አያቲቱ ሹራቡን አወለቁ፤ ከሥሩ ሌላ ሹራብ ነበረ፤ ከእሱ ሥር የእናትየው የድሮ ቀሚስ ቁራጭ፣ ሁለት ዙር። የመጨረሻው ሲነሣ ኤክስቴንሽኗ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልጅቱ አላለቀሰችም። የሚያለቅስ ልጅ ሚዛን ላይ መርፌውን ያወዛውዘዋል፤ የእሷ መርፌ ወዲያው ቆመ። ስድስት ነጥብ ሰባት። በአሥራ ሰባት ወር መስመሩ ሰባት ነጥብ ዜሮ ነው። ክንዷን ለካሁ፤ ቀዩ ላይ ነበር።

ክታቡ ለብቻው ስንት እንደሚመዝን ኋላ ሞከርኩት። መርፌው አልነቃነቀም።

«እህስ?» አሉ አያቲቱ።

«ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። ዛሬውኑ። እዚያ የሚሰጥ ምግብ አለ፤ መድኃኒት ነው።»

«ባለፈው ወር ‘ጨምራለች፣ ደግ ነው’ ብላን ነበር ይህችው።» ኤክስቴንሽኗን በአገጫቸው አሳዩኝ። «እኛም ደስ ብሎን የላሟን ወተት ወደ ቅቤው አዞርነው። ምን ይደረጋል ብለን። ጨምራለች ካሉን።»

ይህን ያሉት በወቀሳ ድምፅ አልነበረም። እንደ ነገሩ ነው የተናገሩት።

እኔና እሳቸው አብረን ሄድን፤ እሳቸው ልጅቱን በአንቀልባ አዝለው፣ እኔ ጃንጥላ ይዤ። ጤና ጣቢያው የደረስነው ወደ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ነርሷ ክንዷን ደግማ ለካች፣ እብጠት እንዳለው እግሯን ተጫነች፣ ሙቀቷን አየች፣ መርምራ ስትጨርስ ካርድ ሞላች። ከዚያ የመጋዘኑን በር ከፍታ አሳየችኝ። የለውዝ ምግቡ ባዶ ካርቶን ነበር፣ ተጣጥፎ የተደረደረ።

«ካለቀ ሁለት ሳምንት አለፈው» አለችኝ። «ለክረምት የመጣልን ያው ያለቀው ነው። ጠይቀናል። የተመደበላችሁ በልኩ ነው አሉን።»

«በምን ልክ?»

«ባለፈው ክረምት በነበሩት ልክ ነዋ። ከእናንተው ሪፖርት።»

ያለፈው ዓመት ክረምት ሰንጠረዥ በእኔ እጅ የተሠራ ነው። ቢሮ ተመልሼ አውጥቼ አየሁት። በሐምሌና በነሐሴ «በጣም ዝቅተኛ» የሚለው ዓምድ ከዓመቱ ሁሉ የሳሳው ነበር። ያኔ ጣቴ እንዴት ሳይቆም እንዳለፈ አላስታውስም። ምናልባት ደስ ብሎኝ ይሆናል። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ አንድ ስርዝ የለበትም።

ነርሷ ያላትን አደረገች፤ መድኃኒት ሰጠች፣ የገንፎ አሠራር ነገረች፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውሰዷት ብላ ጻፈች። አያቲቱ ወረቀቱን አጥፈው ከመቀነታቸው አኖሩት። «እናቷ ትወስዳታለች፣ አረሙ ሲጋመስ» አሉኝ። እኔ ወደ ዞን ደወልኩ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሁለቱን ክብደት ጎን ለጎን የያዘውን ዝርዝር አያይዤ ላክሁ። ቡሬ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ የምግቡ ጥቂት ከረጢት ተርፎ እንደሆነ ጠየቅኋት። የእነሱም አልቋል። ደብዳቤዬ ደርሷል ተብሎ በሁለተኛው ሳምንት መልስ መጣ፤ የተጨማሪ ጥያቄ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይታያል የሚል።

ልጅቱ ያረፈችው በፍልሰታ፣ ጾሙ በተጋመሰ ሰሞን ነው። እናትየው በማግስቱ ሆስፒታል ልትወስዳት ተዘጋጅታ ነበር አሉኝ፤ አረሙ ተጋምሶ ነበር።

የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም መዝገብ በጥቅምት መጣ። በልጅቱ መስመር ላይ ሐምሌ፣ ስድስት ነጥብ ሰባት። ነሐሴ ላይ ኤክስቴንሽኗ «አርፋለች» ብላ ጽፋለች፣ በዚያ በጥንቁቅ እጇ። የእኔ ሰንጠረዥ ያንን አይቀበልም፤ ቁጥር ወይም ባዶ ነው። ባዶ የሆነ መስመር ደግሞ ከድምሩ ይወጣል። ስለዚህ በመስከረም ከ«በጣም ዝቅተኛ» ልጆች አንዷ ጎደለች፤ መቶኛው በዚያው ልክ ተሻለ። ለረጅም ጊዜ ጣቴ እዚያ ባዶ ሣጥን ላይ ቆየ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ልጅ ወረድኩ።

ያም ሆኖ የዚያ ቀበሌ ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ ሆኖ ወጣ፤ ልጆቹን ራቁታቸውን የሚመዝን ሌላ ቀበሌ አልነበረማ። በግምገማው ላይ አለቃችን አንሥቶ አነበበው።

«እኅታችን፣ አምና በዚህ ወቅት ልጆችሽ ደህና ነበሩ። ዘንድሮ ምን ነካቸው? ምክር አትሰጪም?»

ኤክስቴንሽኗ ቆማ ስለ መጋረጃው ተናገረች። ስለ አንሶላው ስትል አንዳንዶች ሣቁ። እኔም ተነሥቼ፣ አምና ልክ ያልነበረው የእኔ ሰንጠረዥ ነው አልኩ። በስብሰባ ላይ አፍ አውጥቼ አላውቅም፤ ድምፄ እስከ ኋላ ወንበሮች መድረሱን እንጃ። አለቃችን «መነኩሲትም ተናገረች» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄደ። በቃለ ጉባኤው የተጻፈው «ቀበሌው ደካማ አፈጻጸም አሳይቷል» የሚል ነው።

ካርቶኖቹ የመጡት በኅዳር፣ እህሉ አውድማ ላይ ሳለ ነው። ነርሷ «አሁን ማን ይበላዋል?» አለችኝ፤ የሚበሉት ግን አልጠፉም።

ኤክስቴንሽኗ በግንቦት ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረች። ልትሰናበተኝ መጥታ አንሶላውን እዚያው እንደተወችው ነገረችኝ። «ለምትተካኝ ልጅ አሳይቻታለሁ» አለች። «ግን ሚዛኑን ወደ በረንዳው መልሺው ብለዋታል፤ እናቶቹ ተራ ሲጠብቁ እንዲታዩ፣ ለፎቶ።»

የሰኔው መዝገብ በሐምሌ መጀመሪያ ደረሰ። አዲሷ ልጅም እጇ ጥሩ ነው። አንደኛውን መስመር ከግንቦቱ ጎን ጻፍኩ፤ አምስት መቶ ግራም ጨምሯል። ሁለተኛው አራት መቶ። ሦስተኛው ሰባት መቶ። እርሳሴን አንሥቼ ከሥር ጀመርኩ፤ «ልብስ ሳይወልቅ የተመዘነ»።